ብሩ ከየትኛው ዓላማ ጋር ነው የሚሄደው? ፕሮፖዛልን ለገምጋሚ በአንድ ገጽ ማቅረብ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ለገጣፎ አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ የድጋፍ ፈንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። አምስት የኮሚቴ አባላት አሉን። ሁሉም ሌላ ሥራ ስላላቸው ፕሮፖዛል የሚያነቡት ማታ ማታ ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮፖዛል የአንድ ገጽ ማጠቃለያ እንዳዘጋጅ ተሰጥቶኛል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሠርቼ ሳቀርብ አንዱ አባል «ልጄ፣ ይሄማ መግቢያው ራሱ ነው፤ አሳጥረሽ አመጣሽው» አሉኝ። ዓላማውን፣ በጀቱንና የግምገማ ዕቅዱን ቶሎ እንዲጨብጡት አድርጌ እንዴት ልጻፍ?

ምላሽ፦

እህቴ፣ አባሉ የነገሩሽ ነገር ውስጥ መልሱ ግማሽ በግማሽ አለ። ማጠቃለያ ጻፉ ሲባል አብዛኞቻችን ፕሮፖዛሉን ከገጽ አንድ ጀምረን እያነበብን እናሳጥራለን። ገጽ አንድ ላይ ያለው ደግሞ መግቢያው ነው። ችግሩ እንዴት እንደከፋ፣ ድርጅቱ መቼ እንደተቋቋመ፣ ራእዩ ምን እንደሆነ። የማጠቃለያው ግማሽ ገጽ በዚያው ያልቃል። ከዚያ በጀቱ በአንድ መስመር፣ ግምገማው በግማሽ መስመር ይገባና ያበቃል።

ገምጋሚው ማታ ደክሞት ሲቀመጥ የሚፈልገው ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ምን ሊለውጡ ነው? ብሩ የሚሄደው ለዚያ ነው ወይ? መለወጡንስ በምን ያውቃሉ? ሦስቱ ጥያቄዎች ደግሞ የሚመለሱት አንድ ላይ ነው። ዓላማው ብቻውን ሲነበብ ያምራል። በጀቱም ብቻውን ሲደመር ልክ ይመጣል። የግምገማ ዕቅዱም ብቻውን ሲታይ የተሟላ ይመስላል። ክፍተቱ የሚታየው ሦስቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ነው። የአንቺ ገጽ ሥራ ይህን መገጣጠሚያ ማሳየት ነው።

እኔ ፕሮፖዛል ሳነብ ከኋላ ነው የምጀምረው። መጀመሪያ በጀቱን እከፍታለሁ። ቀጥሎ የግምገማ ዕቅዱን፣ ከዚያ የተግባር ሰንጠረዡን፣ ከዚያ ዓላማዎቹን አያለሁ። መግቢያውን የማነበው መጨረሻ ላይ ነው። ምክንያቱም መግቢያው የሚነግረኝ የሚመኙትን ነው። በጀቱ ግን በእርግጥ ሊሠሩ ያሰቡትን ይነግረኛል። በጀት ውስጥ ብር ያልተያዘለት ዓላማ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም።

ከዚያ ባዶ ወረቀት አወጣና ሦስት ዓምድ አሰምራለሁ። በግራ ዓላማ፣ በመሐል ብር፣ በቀኝ መለኪያ። እያንዳንዱን የበጀት መስመር ወስጄ የትኛው ዓላማ ሥር እንደሚገባ እጽፋለሁ። እያንዳንዱን አመላካችም እንደዚሁ። የትም የማይገባ ከተረፈ ከታች ለብቻው ይቀመጣል። ይህ ወረቀት ለኮሚቴው አይሄድም። ገጹ የሚጻፈው ግን ከእሱ ነው።

በምሳሌ ካላየነው አይገባም። ስለዚህ አንድ ፕሮፖዛል እናስብ። ፈጠራ ነው፤ ግን ውስጡ ያሉት ችግሮች በሥራዬ ደጋግመው ያጋጠሙኝ ናቸው። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ስለሆነ ቦታውን እዚሁ እናድርገው። አንድ ድርጅት በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አካባቢ ባሉ ሦስት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆችን ንባብ ለማሻሻል 2,400,000 ብር ጠየቀ። ጊዜው 18 ወር ነው፤ ከሐምሌ 2018 እስከ ታኅሣሥ 2020። ፕሮፖዛሉ 38 ገጽ አለው።

ገጽ 7 ላይ ሦስት ዓላማዎች አሉ። አንደኛ፣ የ600 ልጆችን የማንበብ ችሎታ ማሻሻል። ሁለተኛ፣ 24 መምህራንን በንባብ ማስተማር ዘዴ ማሠልጠን። ሦስተኛ፣ የወላጆችን ተሳትፎ ማጠናከር።

የመጀመሪያው ሥራሽ እዚህ ጋ ነው። ሦስቱ በቁጥር ተደርድረው እኩል ይመስላሉ፤ ግን እኩል አይደሉም። መምህራንን ማሠልጠን በራሱ ለውጥ አይደለም፤ ለውጥ ለማምጣት የሚሠራ ተግባር ነው። መምህራኑ የሠለጠኑት ልጆቹ እንዲያነቡ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ዓላማ አንድ ነው፤ ሌሎቹ ወደ እሱ የሚያደርሱ መንገዶች ናቸው። ይህንን በማጠቃለያሽ ውስጥ «ዓላማቸውን አሳስተው ጻፉ» ብለሽ አትጽፊውም። ዝም ብለሽ በቅደም ተከተል ታሳዪዋለሽ፦ ሊለውጡ ያሰቡት የልጆቹን ንባብ ነው፤ ለዚያም መጻሕፍት፣ የመምህራን ሥልጠናና የወላጆች ስብሰባ ይጠቀማሉ። ገምጋሚው ወዲያው ይረዳል።

አሁን ወደ በጀቱ። በፕሮፖዛሉ ገጽ 29 ላይ እንደዚህ ተቀምጧል እንበል። የአንድ አስተባባሪ ደመወዝ 360,000፣ የሁለት የንባብ አመቻቾች ደመወዝ 396,000፣ መጻሕፍትና መደርደሪያ 600,000፣ የመምህራን ሥልጠና 384,000፣ ሞተር ሳይክል፣ ላፕቶፕና ፕሪንተር 300,000፣ የወላጆች ስብሰባ 60,000፣ ክትትልና ግምገማ 60,000፣ የቢሮ ኪራይ፣ ስልክና የሒሳብ ሠራተኛ 240,000። ሲደመር 2,400,000 ይመጣል። ድምሩን ሁልጊዜ ራስሽ ደምሪው። ኤክሴል ላይ ከላኩልሽ የመጨረሻዋን ሴል ተጫኚና በፎርሙላ የመጣ ወይም በእጅ የተጻፈ ቁጥር መሆኑን እዪ። በእጅ ተጽፎ ከሆነ አንድ መስመር ቀይረው ድምሩን ሳያስተካክሉ የቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ብዙ ሰው በጀትን ሲያጠቃልል ይህንኑ ዝርዝር አሳጥሮ ይገለብጣል። «ደመወዝ ይህን ያህል፣ ዕቃ ይህን ያህል» ይላል። ይህ የሒሳብ ሠራተኛ አከፋፈል ነው፤ ለገምጋሚው ግን ብዙም አይነግረውም። አንቺ በዓላማ ከፋፍይው። መጻሕፍቱና ሁለቱ አመቻቾች በቀጥታ ከልጆቹ ጋር ናቸው፤ 996,000 ብር፣ ማለትም ከጠቅላላው 41.5 በመቶ። ሥልጠናው 384,000 ነው፤ 16 በመቶ። ወላጆች 60,000፤ 2.5 በመቶ። ግምገማ 60,000፤ ይኸውም 2.5 በመቶ። የቀረው አስተባባሪው፣ ዕቃዎቹና ቢሮው ነው፤ 900,000 ብር፣ 37.5 በመቶ። ይህ ክፍል ከአንድ ዓላማ ጋር ብቻ የማይያያዝ የጋራ ወጪ ነው።

አየሽው? የወላጆች ተሳትፎ በዓላማዎቹ መሐል በኩራት ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ቆሟል። ብሩ ጋ ስንደርስ ግን ከመቶው 2.5 ብቻ ነው ያለው። ይህንን የሚያሳይ አንድ መስመር ከሦስት አንቀጽ ማብራሪያ ይበልጣል። መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። የወላጆች ስብሰባ በርካሽ ሊሠራ ይችላል። ፍርዱ የገምጋሚው ነው፤ ያንቺ ድርሻ ቁጥሩ ዓይኑ ፊት እንዲመጣ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት ትንሽ ላቆይሽ። ፕሮፖዛሉ «የአስተዳደር ወጪያችን 10 በመቶ ብቻ ነው» ይላል እንበል። እውነት ነው፤ እነሱ የቆጠሩት ቢሮውን ብቻ፣ ማለትም 240,000ውን ነው። አንቺ ደግሞ 37.5 በመቶ የጋራ ወጪ አግኝተሻል። «የአስተዳደር ወጪያቸው 37.5 በመቶ ነው፤ ሕግ ጥሰዋል» ብለሽ ብትጽፊ ትልቅ ስሕተት ትሠሪያለሽ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ለአስተዳደር የሚያወጣው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ከዚያ በፊት በነበረው አዋጅ ቁጥር 621 ዘመን ጣሪያው 30 ነበር፤ ሰዉ አሁንም «ሰባ ሠላሳ» የሚለው ከዚያ የቀረ ነው። ልብ በይ፣ የሚለካው የድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ነው፤ አንድ ፕሮጀክት ብቻውን አይደለም። በዚያ ላይ በትምህርት ቤቶቹ እየዞረ ሥራውን የሚመራ አስተባባሪ ደመወዝ የፕሮጀክቱ ሥራ ወጪ ሊሆን ይችላል። የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክት ተግባር ጋር የማይያያዘው ነው። ስለዚህ በገጽሽ ላይ ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጪ። «ድርጅቱ አስተዳደር ብሎ የመደበው 240,000 (10 በመቶ)። ከአንድ ዓላማ ጋር ያልተያያዙ ሌሎች ወጪዎች፦ አስተባባሪ 360,000፣ ዕቃ 300,000።» በቃ። ማንንም አልከሰስሽም፤ ምንም አልደበቅሽም።

ሌላው በጀት ላይ የማየው ዋጋው መቼ እንደተወሰደ ነው። ፕሮፎርማ ካያያዙ ቀኑን እዪ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት በተወሰደ ዋጋ የሞተር ሳይክልና የላፕቶፕ በጀት የያዘ ፕሮፖዛል አሻሽለናል ብለው ሲመልሱት አይቻለሁ፤ ዋጋው ግን አልተነካም ነበር። ቀን ከሌለው «ዋጋው የተወሰደበት ቀን አልተገለጸም» ብለሽ አንድ መስመር ጻፊ።

አሁን የግምገማ ዕቅዱ። ከሦስቱ በማጠቃለያ ውስጥ በጣም የሚበደለው እሱ ነው። «መነሻና መድረሻ ጥናት ይደረጋል፤ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይቀርባል» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አባባል የማይገባበት ፕሮፖዛል የለም፤ ስለዚህ ስለዚህኛው ምንም አይነግረንም።

የምሳሌያችን ፕሮፖዛል ገጽ 33 ላይ አምስት አመላካቾች አሉት እንበል። 24 መምህራን ሠለጠኑ፣ ሦስት የንባብ ክፍሎች ተከፈቱ፣ መጻሕፍት ተከፋፈሉ፣ ስድስት የወላጆች ስብሰባ ተካሄደ፣ ከልጆቹ 60 በመቶው አቀላጥፈው አነበቡ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ሥራው መሠራቱን ይቆጥራሉ። ልጆቹ ማንበባቸውን የሚለካው አምስተኛው ብቻ ነው። ይህንኑ ጻፊ፦ «ከአምስቱ አመላካቾች አራቱ የተሠራን ሥራ ይቆጥራሉ፤ አንዱ የንባብ ለውጥን ይለካል።»

ከዚያ ያንን አንዱን ያዢና አራት ነገር ጠይቂው። ምን ማለት ነው? ከምን ተነስቶ? ማን ይለካዋል? መቼ?

ምን ማለት ነው? «አቀላጥፈው» ስንት ቃል ነው? የልጆች ንባብ ሲለካ የተለመደው መንገድ ልጁን ለብቻ አስቀምጦ አጭር ጽሑፍ ማስነበብና በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ መቁጠር ነው። በእኛም አገር በ2002 ዓ.ም. በብዙ ክልሎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ንባብ የተለካው እንዲህ ባለ ፈተና ነበር። ፕሮፖዛሉ ስንት ቃል እንደሆነ ካላለ 60 በመቶ የሚለው ቁጥር የቆመበት መሬት የለውም። እግረ መንገድሽን መጻሕፍቱም ፈተናውም በየትኛው ቋንቋ እንደሆኑ ፈልጊ። በእኛ አካባቢ በአማርኛ የሚያስተምርም በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምርም ትምህርት ቤት አለ። በሁለቱ ቋንቋዎች የቃል ርዝመቱም ፊደሉም ስለሚለያይ በደቂቃ የሚነበበው ቃል በአንድ ሚዛን አይለካም።

ከምን ተነስቶ? ዛሬ ከልጆቹ ስንቱ ያነባል? መነሻው 55 በመቶ ከሆነ 60 መድረስ ትንሽ ነገር ነው። መነሻው 20 ከሆነ ትልቅ ነው። መነሻ ቁጥር ከሌለ ገምጋሚው የተገባለት ቃል ትልቅ ይሁን ትንሽ አያውቅም።

ማን ይለካዋል? ፕሮፖዛሉ ሁለቱ አመቻቾች እንደሚለኩ ይላል እንበል። የሚያስተምሩት እነሱ፣ የሚፈትኑትም እነሱ። በትንሽ በጀት ይህ ይደረጋል፤ ግን ገምጋሚው ማወቅ አለበት።

መቼ የሚለው ላይ ሰፋ አድርጌ ልሂድ፤ ምክንያቱም ከምንም በላይ ፍሬ የሚገኘው እዚህ ነው። ፕሮፖዛሉ መነሻ ጥናቱን በመጀመሪያው ወር፣ መድረሻ ጥናቱን በ18ኛው ወር ይላል። ወሮቹን በስማቸው ጻፊያቸው። የመጀመሪያው ወር ሐምሌ ነው። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ልጆቹ የሉም። 18ኛው ወር ደግሞ ታኅሣሥ 2020 ነው። በ2019 የትምህርት ዘመን 2ኛ ክፍል የነበሩት ያኔ 3ኛ ክፍል ናቸው። 3ኛ ክፍል የነበሩት ደግሞ 4ኛ ገብተዋል፤ 4ኛ ክፍል ፕሮጀክቱ ውስጥ የለም። ታዲያ መጨረሻ ላይ የሚፈተኑት እነማን ናቸው? ያኔ 2ኛና 3ኛ ክፍል ያሉት ከሆኑ ግማሾቹ መነሻው ላይ ያልነበሩ ልጆች ናቸው። መነሻው ላይ የነበሩት ከሆኑ ደግሞ ግማሾቹን 4ኛ ክፍል ድረስ ሄዶ መፈለግ አለ። ፕሮፖዛሉ ይህን አልተናገረም። «ወር 1» እና «ወር 18» ብለው ስለጻፉት ማንም አላየውም። በወር ቁጥር የተጻፈን ሁሉ ወደ ወር ስም መልሺ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ካለም ወደ አንድ አቆጣጠር አምጪው። «በ2019» የሚል ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይለይ ሲቀር ያመጣውን ጣጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የብሩንም ነገር ከዚሁ ጋር አያይዢው። ግምገማው 60,000 ብር ነው። እንዲህ ዓይነት ፈተና ለአንድ ልጅ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። 600ውንም ልፈትን ቢሉ 150 ሰዓት ነው። ሁለቱ አመቻቾች በቀን አምስት አምስት ሰዓት ቢሠሩ 15 የትምህርት ቀን፤ ያውም ለአንድ ዙር። 120 ልጆችን በናሙና ቢወስዱ ግን 30 ሰዓት፣ ማለትም ሦስት ቀን ይበቃል። ስለዚህ ስንት ልጆች እንደሚፈተኑ ማወቅ ወሳኝ ነው። ይህን ስሌት ግን ገጹ ላይ አታስገቢው። እሱ ግምገማ ነው፤ ማጠቃለያ አይደለም። ገጹ ላይ «የሚፈተኑት ልጆች ቁጥር አልተገለጸም» ብቻ ይበቃል። ስሌቱን ማስታወሻሽ ላይ ያዢው፤ በስብሰባው ላይ ከጠየቁሽ ትመልሻለሽ።

የማይገጣጠሙ ቁጥሮችን በተመለከተ ከራሴ የደረሰ ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ፕሮፖዛል ሳጠቃልል መግቢያው ላይ 600 ተጠቃሚ፣ የተግባር ሰንጠረዡ ላይ 450 አየሁ። የትየባ ስሕተት ነው ብዬ 600ን ጻፍኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ኮሚቴው በ600 ልክ አስልቶ አጸደቀ። ድርጅቱ ግን ሲያቅድ የነበረው በ450 ነበር፤ ውሉም የተያያዘው ከተግባር ሰንጠረዡ ጋር ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲመጣ ኮሚቴው «150 ሰው የት ገባ?» አለ፤ ድርጅቱ «እኛ ምን አጠፋን?» አለ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አንድን ቁጥር መርጬ ሌላውን ስላጠፋሁ ነው። ከዚያ ወዲህ የማይስማሙ ቁጥሮች ሲያጋጥሙኝ ሁለቱንም ከነገጻቸው እጽፋለሁ። በምሳሌያችንም ይህንኑ አስገብቼዋለሁ፦ ገጽ 3 ላይ 600፣ ገጽ 21 ላይ በትምህርት ቤት 150፣ ማለትም 450። ለአንድ ልጅ የሚወጣው በመጀመሪያው 4,000 ብር፣ በሁለተኛው 5,333 ብር ነው። ገምጋሚው ሁለቱንም ማየት አለበት።

እንግዲህ ገጹ ሲያልቅ ይህን ይመስላል።

> የተጠየቀው፦ 2,400,000 ብር፣ ለ18 ወር (ሐምሌ 2018 – ታኅሣሥ 2020)። ከዚህ ሌላ ማኅበረሰቡ በዓይነት 500,000 ብር የሚገመት ያዋጣል ይላል፤ አገማመቱ አልተገለጸም (ገጽ 2)።
>
> የትና ለማን፦ በቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ በሦስት ትምህርት ቤቶች፣ ለ2ኛና 3ኛ ክፍል ልጆች። የልጆቹ ቁጥር ገጽ 3 ላይ 600፣ ገጽ 21 ላይ 450 ነው። ለአንድ ልጅ 4,000 ወይም 5,333 ብር (የእኔ ስሌት)።
>
> ሊለውጡ ያሰቡት፦ የልጆቹን የማንበብ ችሎታ። መንገዱ፦ የንባብ ክፍልና መጻሕፍት ከሁለት አመቻቾች ጋር፣ ለ24 መምህራን ሥልጠና፣ ስድስት የወላጆች ስብሰባ (ገጽ 7፣ 21)።
>
> ብሩ የሚሄድበት (አከፋፈሉ የእኔ ነው፤ ገጽ 29)፦ የንባብ ክፍል፣ መጻሕፍትና አመቻቾች 996,000 (41.5 በመቶ)። የመምህራን ሥልጠና 384,000 (16)። ወላጆች 60,000 (2.5)። ግምገማ 60,000 (2.5)። የጋራ ወጪ 900,000 (37.5)፤ ከዚህ ውስጥ ድርጅቱ አስተዳደር ብሎ የመደበው 240,000 (10)፣ ቀሪው አስተባባሪ 360,000 እና ሞተር ሳይክል፣ ላፕቶፕ፣ ፕሪንተር 300,000። የዕቃዎቹ ዋጋ የተወሰደበት ቀን አልተገለጸም።
>
> መለወጡን የሚያውቁበት፦ ከአምስት አመላካቾች አራቱ የተሠራን ሥራ ይቆጥራሉ። አንዱ ንባብን ይለካል፦ «60 በመቶው አቀላጥፈው ያነባሉ» (ገጽ 33)። የሚለኩት አመቻቾቹ ናቸው። መነሻው በሐምሌ 2018 (ትምህርት ቤት ዝግ ነው)፣ መድረሻው በታኅሣሥ 2020።
>
> ፈልጌ ያላገኘሁት፦ የ«አቀላጥፎ» ትርጉም። የአሁኑ የንባብ ደረጃ። የሚፈተኑት ልጆች ቁጥርና መነሻውና መድረሻው ላይ እነዚያው ልጆች መፈተናቸው። የመጻሕፍቱና የፈተናው ቋንቋ።

ይህን በሁለት ደቂቃ አንብቦ የጨረሰ ሰው ፕሮፖዛሉን ሲከፍት የት እንደሚሄድ ያውቃል። ገጽ 29ን፣ ገጽ 33ን፣ ገጽ 21ን። የገጽ ቁጥሮቹን ያስገባሁት ለዚህ ነው። ማጠቃለያው ፕሮፖዛሉን አይተካም፤ ወደ ትክክለኛው ገጽ ይወስዳል።

አንድም ቦታ ላይ «ጠንካራ»፣ «ደካማ»፣ «ጥሩ የተዘጋጀ» የሚል ቃል የለም። ይህን ሆነ ብዬ ነው ያደረግኩት። አባላቱ ከሁሉ በፊት የሚያነቡት ያንቺን ገጽ ነው። «የግምገማ ዕቅዱ ጠንካራ ነው» ብለሽ ከጻፍሽ አምስቱም በዚያ ዓይን ያነባሉ፤ ያኔ አምስት ገምጋሚ ሳይሆን አንድ ብቻ ነው ያለን። ከመግቢያው የድርጅቱን የራሱን ውዳሴ ቃላትም አትገልብጪ። «ፈጠራ የታከለበት»፣ «ዘላቂ»፣ «አሳታፊ» የሚሉት ሳይታሰብ ሾልከው ይገባሉ። ዘላቂ ከተባለ ከ18ኛው ወር በኋላ የአመቻቾቹን ደመወዝ ማን እንደሚከፍል ፈልጊ። ካገኘሽ እሱን ጻፊ፤ ካጣሽው «ፈልጌ ያላገኘሁት» ውስጥ ይግባ።

«የእኔ ስሌት» የሚለውን አትርሺ። ፕሮፖዛሉ ያለውና አንቺ ያሰላሽው ከተደባለቀ አባሉ ገጽ 29 ላይ 41.5 በመቶን ፈልገው ያጡታል፤ ከዚያ በኋላ የቀረውንም አያምኑሽም። «አልተገለጸም» ከማለትሽ በፊት ደግሞ አባሪዎቹን ሁሉ እዪ። መነሻ ቁጥሩ አባሪ አራት ውስጥ ተሸጉጦ ሳለ «የለም» ተብሎ የተጻፈባቸው ሰዎች ተበድለዋል።

አምስት ፕሮፖዛል ካለሽ አምስቱንም በዚህ በአንድ ቅርጽና በእኩል ርዝመት ጻፊ። አንዱ ገጽ ተኩል፣ ሌላው ግማሽ ገጽ ከሆነ ረጅሙ የተሻለ ይመስላል። የእናንተ አካባቢ ትንሽ ስለሆነ ከአመልካቾቹ አንዱን ማወቅሽ አይቀርም። ዘመድ ወይም የቀድሞ ባልደረባ ካለበት ያንን ገጽ ሌላ ሰው ይጻፈው፤ ለሰብሳቢውም አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ጊዜውን በተመለከተ ባለ 38 ገጹ መጀመሪያ ላይ ግማሽ ቀን ይወስድብሻል፤ አትደንግጪ። ወረቀቱን አስምሮ ብሩን ማከፋፈሉ ነው ጊዜ የሚበላው። ገጹን መጻፍ ራሱ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ከመላክሽ በፊት ፕሮፖዛሉን ላላየ አንድ ባልደረባሽ ስጪው። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ተቀበዪውና ጠይቂው፦ ምን ሊለውጡ ነው? ትልቁ ብር የት ገባ? መለወጡን በምን ያውቃሉ? አንዱን መመለስ ካቃተው የትኛው አንቀጽ እንደገና እንደሚጻፍ አወቅሽ ማለት ነው።